ይድረስ ለክቡር የሹመት ማስታወቂያ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፣ እንዴት ከረሙ? እኛ በድሬ ሙቀት ስንቀቀል እርስዎ ሰሌዳው ላይ ተለጥፈው፣ ማህተምዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ደህና ነዎት።

የንብረት ክፍል አዲስ ኃላፊ መምጣቷን ያበሰሩን እርስዎ ነዎት። ማብሰር ከተባለ። ሴትየዋ ሥራ የጀመረችው ሰኞ ጠዋት ነው፤ እርስዎ የደረሱት ሐሙስ ከሰዓት። እስከዚያ ጥበቃው በየጠዋቱ "እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?" ይላታል። ረቡዕ ላይ "ራሴን" አለችው አሉ።

ሲመጡስ ምን አሉን? "በመደቡ ላይ የተመደቡ መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉላቸው እናሳስባለን።" አቦ! እንግዳ ተቀበሉ ለማለት ማሳሰብ ምን አመጣው?

እኛ ማወቅ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር። ሞዴል 22 ላይ ማን ይፈርማል? እሱ ካልተፈረመ ከመጋዘን እስክሪብቶ አይወጣም። አዲሷ ኃላፊ "ርክክቡ አላለቀም" ትላለች፣ የድሮው ደግሞ በስልክ "እኔ የለሁበትም" ይላል። ሳምንቱን ሙሉ የማተሚያ ወረቀት ከሒሳብ ክፍል እየለመንን ከረምን።

ስለ ድሮው ኃላፊም ትንፍሽ አላሉም። እርስዎ የተዉትን ከዚራ ዛፍ ሥር ቡና ላይ ሞሉት። "ዕቃ ጎድሎበት ነው" ተባለ። ሰውየው በገዛ ጥያቄው፣ ለቤቱ እንዲቀርበው፣ ሳቢያን ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛውሮ ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ለዚሁ ቦታ የተወዳደረ ባልደረባ አለን። አለመመረጡን ያወቀው ከእርስዎ ነው። ከሻይ ሲመለስ፣ ሰሌዳው ፊት፣ ስድስት ሰው ከኋላው ቆሞ። እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ግልባጩን ሳይቀር። ከዚያ ዞሮ "ጥሩ ነው" አለና ሄደ። አለቃው ከአንድ ቀን በፊት ጠርቶ አምስት ደቂቃ ቢያናግረው ምን ነበረበት? መጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎ ለክፍሉ ሠራተኞች፣ ከዚያ ለሁላችን። እርስዎ ግን ለሁሉም እኩል ዱብ ይላሉ።

ለወደፊቱ ሲመጡ ቅዳሜ ይምጡና እንዲህ ይበሉ፦

"ወይዘሮ እከሊት ከሰኞ ጀምሮ የንብረት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ስምንት ዓመት መጋዘን መርተዋል። ርክክቡ እስከ ዓርብ ይቆያል፤ እስከዚያ ሞዴል 22 የሚፈርሙት የአስተዳደር ኃላፊው ናቸው። የቀድሞው ኃላፊ በጥያቄያቸው ወደ ሳቢያን ተዛውረዋል፤ እናመሰግናቸዋለን። የወይዘሮዋ ቢሮ ከመጋዘኑ ጎን ነው። ቡና ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ይጻፍ ወይ ተብለው ፈቅደዋል።"

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጥበቃው፣ በር ላይ