«ፕሮሰነድ» የሚባል ነገር ፈጠርኩ

ዛሬስ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የተጠቃሚ መመሪያ እንዳርም ተሰጠኝ። 40 ገጽ ነው። ሦስት ሰዎች ተከፋፍለው ነው የተረጎሙት። «ብዙ ሥራ የለውም፣ ቃላቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ብቻ ነው» አሉኝ። ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንቱን እንቅልፍ እንደነሳች እግዜር ይወቀው።

መጀመሪያው ገጽ ላይ «ኮምፒውተር» ይላል። ጥሩ። ገለጥ ሳደርገው «ኮምፒዩተር» ሆነ። ይሁን። ትንሽ ቆይቶ «ኮምፕዩተር»። ሁለተኛው ተርጓሚ ሲረከብ «ኮምፒተር»። ሦስተኛው ጭራሽ «ኮምፑተር»። አንድ ዕቃ፣ አምስት ስም። አንባቢው አምስት ማሽን ግዛ የተባለ ነው የሚመስለው።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ «ምን ችግር አለው? ሁሉም ይነበባል» ሊለኝ ነው። ለዓይን አዎ፣ ይነበባል። መፈለጊያው ሳጥን ግን ዓይን የለውም። የሚያመሳስለው ፊደል በፊደል ነው። ለእሱ «ው» እና «ዩ» አይተዋወቁም። ሰውየው «ኮምፒውተር» ብሎ ቢፈልግ «ኮምፒዩተር» የተጻፈበትን ገጽ አያገኝም። መመሪያው ውስጥ መልሱ እያለ «የለም» ይባላል። ስንቶቻችን ነን «የለም» ተብለን ትተን የሄድነው?

እሺ፣ አምስቱንም በየተራ ፈልጌ ልተካ ብዬ ተነሳሁ። እዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን ፊደል ጉድ ጠበቀኝ። «ፋይል» ብዬ ስፈልግ «በፋይል» እና «የፋይል» ይመጣሉ። ከፊት የተቀጠለ ነገር ምንም አያደርግም። «ፋይሉ» እና «ፋይሎች» ግን አይመጡም። ለምን? ል፣ ሉ እና ሎ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸዋ! በላቲን ፊደል ቢሆን ቃሉ እንዳለ ይቀመጥና ቅጥያው ከኋላ ይለጠፋል። እኛ ጋ ግን ቅጥያው የመጨረሻውን ፊደል መልኩን ይቀይረዋል። ስለዚህ ሙሉውን ቃል የፈለገ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ያላገኘው መኖሩንም አያውቅም። የሚያበሳጨው ይሄኛው ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ቅሌት ከሠራሁ በኋላ ነው። ልናገረው እንግዲህ። ጀግና ሆኜ «ፋይል»ን ሁሉ «ሰነድ» ልበለው አልኩ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ነካሁ። ብዙ ቦታ ተካሁ ሲለኝ ኩራት ተሰማኝ። ሻይ ጠጥቼ መጥቼ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ «የፕሮሰነድ ፎቶዎን ለመቀየር...»

ፕሮሰነድ!

«ፕሮፋይል» ውስጥ «ፋይል» አለ። ማሽኑ ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ለካ ከዚያ በፊት «አፕ»ንም «መተግበሪያ» ብዬው ነበር። «አፕዴት ያድርጉ» የሚለው «መተግበሪያዴት ያድርጉ» ሆኗል። የማን ሥራ ነው? የእኔ። አራሚው እኮ ነኝ! «ፋይሉ» እና «ፋይሎች» ደግሞ እንደነበሩ ቁጭ ብለዋል። መቀየር ያለበት ሳይቀየር፣ መነካት የሌለበት ተበላሽቶ። ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

መላው ምን መሰላችሁ? የመጨረሻውን ፊደል አለመንካት ነው። ቃሉ መልኩን የሚቀይረው እዚያ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከእሱ በፊት ማቆም። ሊብረኦፊስ ራይተር በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ፣ መፈለጊያና መተኪያው ውስጥ፣ ብዙ አጻጻፎችን በአንድ ጊዜ ለመፈለግ የሚያስችል `Regular expressions` የሚል ምርጫ አለ። እሱን አብርቼ መፈለጊያው ላይ የመጀመሪያውን፣ መተኪያው ላይ ሁለተኛውን ጻፍኩ፦

```
ኮም(ፒው|ፒዩ|ፕዩ|ፒ|ፑ)ተ
ኮምፒውተ
```

ቅንፉ ውስጥ ያሉት አምስቱ አጻጻፎች ናቸው። «ተ» ላይ ስለሚያቆም «ር»ም ሆነ «ሩ»፣ «ሮች»ም ሆነ «ራችን» ሳይነካ ያልፋል። በአንድ ጊዜ ጸዳ። «ፋይል»ን «ሰነድ» ማድረግ ግን በዚህ አይሆንም፣ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ከ«ል» ወደ «ድ» ይቀየራላ። «ፋይሉ»ን ለብቻ፣ «ፋይሎች»ን ለብቻ፣ «ፋይላችን»ንም ለብቻ መሄድ ነው። እሱም «ሁሉንም ተካ» ሳይባል፣ አንድ በአንድ እያዩ።

ደግሞ ረጋ ብዬ ሳስበው መቀየሩ ራሱ ስህተት ነበር። ሰነድ የሚባለው ጽሑፍ ያለበት ነገር ነው። መመሪያው ግን ስለ ዘፈንና ስለ ፎቶም ያወራል። «የዘፈን ሰነድ» ያለው ማን ነው? የዘፈኑ ውል ነው የሚመስለው። «ፋይል» ፋይል ሆኖ ይቅር።

አጻጻፉን በተመለከተ ከአምስቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር» ሁለቱም ያስኬዳሉ። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው እሱን መያዝ ነው። «ኮምፑተር»ን ግን ማንም ሲለው አልሰማሁም። የእንግሊዝኛውን ፊደል እያዩ አንድ በአንድ ሲያወጡት ነው እንዲህ የሚመጣው። ጆሮን ትቶ ዓይንን ማመን ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች እንዲህ አልነበሩም። «እስክሪብቶ»ን እዩት። ከፊት «እ» ጨመሩበት፣ ምላስ ላይ ስለሚመች።  ተለመደ፣ የእኛ ሆነ፣ አለቀ። «መኪና»ም ከጣልያንኛ መጥቶ ማንም እንግዳ ነው አይለውም።

የእኛ ተርጓሚ ግን ምን ጻፈ? «ሪሲፕት»። እንግሊዞቹ ራሳቸው የማይሏትን «ፕ» እሱ አስገባት። ፊደሏ ላይ አለቻ! የበለጠ የሚያቃጥለው ደግሞ «ደረሰኝ» የሚባል ቃል እያለን ነው። ደረሰኝ። ገንዘቡ ደረሰኝ ብሎ ራሱ ይናገራል እኮ። ከዚህ በላይ የሚገልጽ ስም ከየት ይመጣል? «ቀዶ ጥገና»ም እንደዚያው ነው፣ ቀዶ መጠገን። ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እንደሆነ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ቃል ሲገኝ መከራከር አያስፈልግም፣ የአማርኛው ያሸንፋል።

ግን ከስም ይልቅ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግሥ ነው። መመሪያው ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ላምጣላችሁ፦

«ፋይሉን ዳውንሎድ አድርገው ኦፕን ካደረጉ በኋላ ሴቭ አድርገው ክሎዝ ያድርጉ።»

አራት ጊዜ «አደረገ»። ሰውየው ምን አደረገ? አደረገ፣ አደረገ፣ አደረገ፣ አደረገ። የእንግሊዝኛ ግሥ አማርኛ ውስጥ በራሱ እግር አይቆምም። በየሄደበት «አደረገ» የሚባል ምርኩዝ ይፈልጋል። እስቲ ይሄን አንብቡት፦

«ፋይሉን አውርደው ከከፈቱ በኋላ አስቀምጠው ይዝጉት።»

አሥር ቃል የነበረው ስድስት ሆነ። «ፋይል» አሁንም እዚያው ነው፣ አላባረርኩትም። ግሦቹ ብቻ ናቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ጥቅሙ ደግሞ ማጠር ብቻ አይደለም። አማርኛ ግሥ እንደ ልብ ይታጠፋል። «አልወርድ አለኝ»፣ «አልከፈት አለኝ»፣ «ተዘግቶ ቀረ» ትላለህ። «ዳውንሎድ አልደረግ አለኝ» በል እስቲ። ምላስህን ነው የሚያነክሰው። ከዚያ ወዲህ የራሴ ደንብ ይሄ ሆነ፦ ዕቃ ከነስሙ ቢመጣ ችግር የለም፣ ድርጊት ግን በአማርኛ። ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ግን ያወጣኛል።

ያላወጣኝ «መጫን» ላይ ነው። አንዱ ተርጓሚ አማርኛ ወዳድ ነበር፣ ምስጋና ይግባው፣ እንዲህ ጻፈ፦ «ቁልፉን ተጭነው መተግበሪያውን ይጫኑ፣ ከዚያም ፎቶዎን ይጫኑ።» ሦስት ጭነት! የመጀመሪያው በጣት ነው። ሁለተኛው ስልኩ ላይ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ፎቶን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነው። ሰው አይደለም፣ አህያም ይደክማል። ተከፋፈሉ አልኳቸው። ጣት ያለበትን «ይንኩ»፣ መተግበሪያውን «ይጫኑ»፣ ፎቶውን «ያስገቡ»። ሦስቱም አማርኛ ናቸው፣ አሁን ግን አይጋጩም።

ይኸው ሰውዬ «ሰርቨር»ንም «አገልጋይ» ብሎታል። «አገልጋዩ ለጊዜው መልስ አይሰጥም» ይላል። እኔ መጀመሪያ የታሰበኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ሰርቨር» ብዬ መለስኩት።

የአማርኛ ቃል መረጥኩ ብላችሁ ደግሞ ከአጻጻፍ ጣጣ ያመለጣችሁ እንዳይመስላችሁ። «ዌብሳይት»ን ትቼ «ድረ ገጽ» ልበል ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ለአንድ ቀን ራስ ምታት ይበቃል። ቃሉ የመጣው ከ«ድር» ነው፣ ሸረሪት ከምታደራው። የድር ገጽ ማለት ነው፣ በቃ። ተርጓሚዎቹ ግን «ድህረ ገጽ» ይላሉ። «ድኅረ» እኮ «በኋላ» ማለት ነው! ድኅረ ምረቃ የሚባለው ከምረቃ በኋላ ስለሆነ ነው። ድኅረ ገጽስ? ከገጽ በኋላ። ከገጽ በኋላ ምን አለ? የጀርባ ሽፋን።

ልቁጠረው አልኩ፣ ተናድጃለሁ። በ«ድረ» ብቻ አለ። በ«ድህረ» በ«ድሕረ» እና በ«ድኅረ» አለ። አራት። «ገጽ» በዚህኛው «ጽ» እና በዚያኛው «ፅ» ይጻፋል። ስምንት። ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። አሥራ ስድስት! «ኮምፒውተር»ን በአምስት ስሙ ስሰድበው ነበር፣ አሁን ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ደግነቱ መመሪያው ውስጥ የነበሩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ሁሉንም «ድረ ገጽ» አደረግኋቸው፣ አንድ በአንድ፣ እያየሁ፣ ያለ «ሁሉንም ተካ»።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መግቢያው ላይ የትኛው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ጨመርኩበት፣ ቀጣዩ ተርጓሚ እንዳይሳሳት። ላክሁት።

ጠዋት መልስ መጣ።

«እናመሰግናለን፣ በጣም ቆንጆ ሆኗል። ድህረ ገፃችን ላይ አፕሎድ አድርገነዋል፣ በኮምፑተር ከፍተው ቼክ ያድርጉልን።»