ወረፋው ውስጥ የቀረው ስፓም

ባለፈው እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ጦሳ ጭጋግ ለብሷል፤ ብርዱም የደሴ ብርድ ነው። አንደኛው ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ የኮምፒውተር ሥራውን ብቻውን የሚይዝ ወጣት ነው። ሁለተኛው የዚያው ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሦስተኛዋ እዚሁ ደሴ የአንድ ኮሌጅ ኔትዎርክ የምታስተዳድር ሴት ናት። እኔም ከዚሁ ሙያ ስለሆንኩ ጨዋታው ሳበኝ።

ክርክሩን የጀመሩት ጋሼ ናቸው። ለቱርክ አቅራቢያቸው በኢሜይል የላኩት ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ከሰዓት በኋላ አንዱ አለፈ። እሁድ ጠዋት ደግሞ እንደገና ተመለሰ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አሳዩን። የአይፒ ቁጥሩን ብቻ እኔ ቀይሬዋለሁ፦

```
554 5.7.1 Service unavailable; Client host [192.0.2.25]
blocked using zen.spamhaus.org
```

«ምን በድዬ ነው የሚዘጋብኝ?» አሉ ጋሼ።

ወጣቱ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ዓርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛውን የኢሜይል ፓስወርድ ያገኘ ሰው በእሱ ስም ገባ። ሌሊቱን ሙሉ በፋብሪካው ሰርቨር ስፓም ሲልክ አደረ። ልጁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደረሰበትና ፓስወርዱን ቀየረው። ወዲያው የስፓም ላኪ አይፒዎችን ዝርዝር የሚይዘው ስፓምሃውስ ያዘጋጀውን የማስወጫ ቅጽ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ከዝርዝሩ ወጣ። እሁድ ጠዋት ሲያይ ግን ተመልሶ ገብቷል።

«በሩን ዘግቻለሁ፤ ሌባው ወጥቷል» አለ። «ዳግመኛ ያስገቡኝ ያለ ምክንያት ነው። ነገ ለኢንተርኔት አቅራቢያችን ደብዳቤ ጽፌ አዲስ አይፒ አስቀይራለሁ፤ ከዚህ ጣጣ እንገላገላለን።»

ጋሼ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ልጁ ቀደም ብሎ ብዙ ዝርዝሮችን ባንድ ጊዜ የሚያይ ገጽ አሳይቷቸው ኖሮ፣ ቀይ ከሆኑት አንዱ ገንዘብ ከፍሎ ቶሎ መውጣት ይቻላል ይላል። «እንክፈልና እንገላገል! አንድ ኮንቴይነር ከሚቆምብኝ ይሻላል» አሉ።

የኮሌጁዋ ሴት እስካሁን ዝም ብላ ነበር። «አብሽሩ ጋሼ፣ አንድ ሳንቲም እንዳይከፍሉ» አለች። የእሳቸውን ደብዳቤ የመለሰው ስፓምሃውስን ጠይቆ የሚቀበል ሰርቨር ነው። ስፓምሃውስ ለማስወጣት ገንዘብ አይቀበልም። ገንዘብ የሚጠይቀው ዩሲኢፕሮቴክት የሚባለው ሌላ ዝርዝር ነው። እሱም ነጠላ አይፒን የሚይዝበት የመጀመሪያ ደረጃው ስፓሙ ካቆመ በ7 ቀን በራሱ ያወጣል። «ደብዳቤዎን የመለሰው እሱ አይደለማ! ቀይ ያየነውን ሁሉ ከማሯሯጥ፣ ተመልሶ የመጣው ደብዳቤ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ነው።»

ይህን ልጁም ተቀበለ። የተጣሉት በሚቀጥለው ነው። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ አይፒው በስፓምሃውስ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ በስልኩ ኢንተርኔት እዚያው ፈተሸ። የተመለሰለት መልስ 127.255.255.254 ነበር። «ይኸው! ጭራሽ ሌላ የባሰ ዝርዝር ውስጥ ከተውኛል» አለ ፊቱ ቀልቶ።

እሷ ስክሪኑን አየችና ላፕቶፑ በየትኛው ዲኤንኤስ እንደሚጠይቅ ጠየቀችው። 8.8.8.8 ነው አላት። «እንግዲያው ይሄ ስለ አንተ አይፒ ምንም አላለም። በሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ስለጠየቅህ አልመልስልህም ነው ያለህ።» ጥያቄው ከፋብሪካው ሰርቨር፣ በራሱ ዲኤንኤስ በኩል እንዲሄድ አደረገችው። በመጀመሪያ ምንጊዜም ተመዝግቧል የሚል መልስ ሊሰጥ የሚገባውን የመሞከሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ የፋብሪካውን አይፒ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ፦

```
dig +short 2.0.0.127.zen.spamhaus.org
dig +short 25.2.0.192.zen.spamhaus.org
```

የመጀመሪያው እንደሚጠበቀው መለሰ። ስለዚህ መንገዱ ደህና ነው። ሁለተኛው 127.0.0.3 አለ። ይህ ሲኤስኤስ የሚባለው ክፍል ነው፤ በተግባር ስፓም ሲልኩ የታዩ አይፒዎችን ይይዛል። 127.0.0.4 ቢሆን ኖሮ ኤክስቢኤል ነው፤ ያኔ በዚያው አይፒ የሚወጣ በቫይረስ የተያዘ የቢሮ ኮምፒውተር መፈለግ ይኖርበት ነበር። እዚህ ግን የተወቀሰው የሚላከው ደብዳቤ ነው።

«ታዲያ ከእኔ ማንም እየላከ አይደለም!» አለ ልጁ።

«ወረፋህን አይተኸዋል?»

ዝም አለ። ከዚያ እኛ ፊት ይህን ጻፈ፦

```
postqueue -p | tail -n 1
```

መጨረሻው ላይ 11,240 ደብዳቤ እንዳለ ተነበበ። ፋብሪካው በደህና ቀን በወረፋ የሚቆይለት ከአሥር አይበልጥም። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ «ይሄ የዓርቡ ነው፣ ያለፈ ነው» አለ። እሷ አልተከራከረችም። ቡናዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቀችና «አሁን ድገመው» አለችው። 11,198 አለ። አርባ ሁለት ደብዳቤ እኛ ቡና ስንጠጣ ከኮምቦልቻ ወጥቷል።

እኔ ከዚያ ቀን ጨዋታ አልረሳውም የምለው ይሄንን ቁጥር ነው። ፓስወርድ መቀየር አዲስ ስፓም እንዳይገባ ያደርጋል። ሰርቨሩ ቀድሞ የተቀበለውን ግን አይነካውም። የፋብሪካው የኢሜይል ሰርቨር የሚሠራበት ፕሮግራም ፖስትፊክስ ተቀባዩ ለጊዜው እንቢ ያለውን ደብዳቤ ወረፋ ላይ አቆይቶ፣ መቼቱ ካልተነካ እስከ 5 ቀን ድረስ በየጊዜው ይሞክራል። መጀመሪያ በየጥቂት ደቂቃው ነው፤ ቆይቶ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ እያለ። ስለዚህ ቅዳሜ ከዝርዝሩ ሲወጣ በሮች ተከፈቱለት። በተከፈቱት በሮች የገባው ደግሞ የዓርቡ ስፓም ነው። ስፓምሃውስ ያየውን ነው የመዘገበው።

አዲስ አይፒ የሚለው ሐሳብም እዚያው ወደቀ። ያንኑ ወረፋ ይዞ ወደ አዲስ አይፒ መሄድ አዲሱንም በሰዓታት ውስጥ ማስመዝገብ ነው። ያውም አዲሱ አይፒ ወደ ስም የሚመልሰው የዲኤንኤስ መዝገብ ከአቅራቢው እስኪስተካከልለት፣ በፋብሪካው ስም ደብዳቤ መላክ የሚችሉ አይፒዎችን የሚዘረዝረው ኤስፒኤፍም እስኪቀየር፣ ደህናው ደብዳቤ ራሱ ይጠረጠራል። ልጁ ይህን ሲሰማ ለአቅራቢው የጀመረውን ደብዳቤ ዘጋው።

ከዚህ በኋላ ግን እኔና እሷ አልተስማማንም። እሷ «ወረፋውን በሙሉ ደምስሰው፣ አብቅቷል» አለች። በአንድ ትእዛዝ ይሆናል፤ እውነቷን ነው። ጋሼ ግን ወዲያው «የእኔስ ደብዳቤ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ በአሥራ አንዱ ሺህ መሀል የእሳቸውም፣ የሂሳብ ክፍሉም አለ። እኔ ያልኩት መጀመሪያ ሁሉንም ማቆም ነው፦

```
postsuper -h ALL
```

ይህ ምንም ሳያጠፋ ደብዳቤዎቹን ባሉበት ይይዛቸዋል። ቀጥሎ በስንት ስም እንደተላከ ከመዝገቡ መቁጠር ነው፦

```
grep -o 'sasl_username=[^, ]*' /var/log/mail.log \
 | sort | uniq -c | sort -n
```

ልጁ ቆጠረ። የንብረት ክፍሉ ስም 19,406 ጊዜ ወጣ፤ ቀጣዩ ስም 31 ጊዜ። ይህ ልዩነት ሁለተኛ የተሰረቀ ስም እንደሌለ አረጋገጠልን። ከዚያ በዚያ ስም የገቡትን ደብዳቤዎች መለያ ቁጥር ከመዝገቡ አውጥቶ እነሱን ብቻ ሰረዘ። በላኪ አድራሻ ቢፈልግ አይሆንለትም ነበር፤ አጭበርባሪው የላኪውን አድራሻ በየደብዳቤው ቀያይሮታል። የቀረው 63 ነበር። ልጁ አንድ በአንድ አይቶ በ `postsuper -H ALL` ለቀቃቸው። ፖስትፊክስንም ዘግቶ አስነሳው፤ ፓስወርድ ሲቀየር ቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት በራሱ አይቋረጥምና። የሠራተኛውን የኢሜይል ሳጥንም ከፈተው። ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ የተደበቀ ትእዛዝ አልነበረበትም።

ቅጹ የተሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ check.spamhaus.org አይፒውን አስገብቶ፣ ምን እንደተፈጠረና ምን እንዳስተካከለ በአራት ዓረፍተ ነገር ጻፈ፦ የማን ስም እንደተሰረቀ፣ መቼ እንደተዘጋ፣ ወረፋው እንደጸዳ። ማታ ከዝርዝሩ ወጣ። ሰኞ የጋሼ ደብዳቤ ቱርክ ደረሰ። ማይክሮሶፍት የራሱን ዝርዝር ስለሚይዝ በእሱ የሚጠቀሙ ደንበኞች ጋር ግን አልደረሰም። ልጁ በ sender.office.com ለብቻ አመለከተና ማክሰኞ ተከፈተ።

እንግዲህ እኔን ፍረድ ካላችሁኝ፣ በዋናው ነገር እውነቱ ከእሷ ጋር ነው። ልጁ ቅጹን የሞላው አንድ ቀን ቀድሞ ነው፤ ያ አንድ ቀን ነው ሁለተኛውን ምዝገባ ያመጣበት። በራስ ቅጽ ሞልቶ መውጣትም ሲደጋገም እየከበደ ይሄዳል። ወረፋውን በሙሉ ደምስስ ያለችው ግን አልዋጥልኝ ብሏል። የሰው ደብዳቤ ነው፤ ላኪው ሳያውቅ አይጣልም።

ጋሼም መክፈል ባይገባቸውም በአንድ ነገር ልጁን ወቅሰውታል፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደብዳቤያቸው እንደማይሄድ ማንም አልነገራቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ቢነገራቸው ቱርክ ስልክ ይደውሉ ነበር።

ሦስቱም ያላነሱት ነገር ደግሞ አለ። በቀን አሥር ደብዳቤ የማይልክ የንብረት ክፍል ሠራተኛ በአንድ ሌሊት አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሲልክ ሰርቨሩ ለምን ዝም አለ? ፖስትፊክስ በራሱ የሚገድበው በሚገናኘው አይፒ እንጂ በተጠቃሚ ስም አይደለም። በስም ለመገደብ እንደ postfwd ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ልጁን በሰዓት መቶ ደብዳቤ ለአንድ ስም ብሎ እንዲጀምር ነግሬዋለሁ። ያ ገደብ ዓርብ ማታ ቢኖር ኖሮ፣ እስከ ቅዳሜ 3 ሰዓት ባሉት አሥር ሰዓታት ውስጥ ከሺህ አያልፍም ነበር።