አንድ አንቀጽ፣ ሦስት "ራንደም"

"የትንተና ዘዴውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ፈልጌ ፍቺውን አየሁ። ግን ምን እንደሠራችሁ አሁንም አልገባኝም። ሌላ ሙያ ላለው ሰው በሚገባ መልኩ መጻፍ አይቻልም?"

ይህን የላከችልኝ የመምህራን ሥልጠና የምታጠና ባልደረባዬ ናት። አንድ አዲስ የንባብ ትምህርት የሞከረውን ጥናት መረጃ የተነተንኩት እኔ ነኝ። አንቀጹንም የጻፍኩት እኔ።

ይቻላል። ግን ሥራውን ከቃላት ከጀመርነው እንሳሳታለን። እሷ እያንዳንዱን ቃል ፈልጋ አግኝታለች፤ አልጠቀማትም። ከአንቀጹ ውስጥ የጠፋው የቃል ፍቺ ሳይሆን ምክንያት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የመጣው አንድ ችግር ስላለ ነው። እኛ ግን ችግሩን ትተን የመፍትሔውን ስም ብቻ እንጽፋለን። የሙያው ሰው ስሙን ሲያይ ችግሩን ያስታውሳል። ሌላው የሚያስታውሰው ነገር የለውም።

አንቀጹ ይህን ይመስል ነበር፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ፦

"በክላስተር ራንደማይዝድ ሙከራ (40 ትምህርት ቤቶች፣ 1,200 ተማሪዎች) የተገኘው የንባብ ውጤት፣ በመነሻ ውጤት ተስተካክሎ፣ በትምህርት ቤት ደረጃ ራንደም ኢንተርሴፕት ባለው ሊኒየር ሚክስድ ሞዴል ተተንትኗል (አይሲሲ = 0.10)። የጎደሉ ውጤቶች (11%) በሚሲንግ አት ራንደም ታሳቢነት በመልቲፕል ኢምፑቴሽን (m = 20) ተሞልተው በሩቢን ደንብ ተዋህደዋል።"

ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው የሚፈልገውን ሁሉ ያገኝበታል። አሁን ግን "ራንደም" የሚለውን ቃል ብቻ ተከታተሉ። ሦስት ጊዜ መጥቷል። በሦስቱም ቦታ የተለየ ነገር ይላል። ባልደረባዬ መጀመሪያ ያገኘችውን ትርጉም ይዛ እስከ መጨረሻው ሄደች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ማንም ጠንቃቃ አንባቢ እንዲሁ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ዕጣ ማለት ነው። ከ40ዎቹ ትምህርት ቤቶች 20ዎቹ አዲሱን የንባብ ትምህርት እንዲሰጡ በዕጣ ተመረጡ፤ የቀሩት በነበረው ቀጠሉ። "ዕጣ" የሚል ጥሩ ቃል እያለን "ራንደማይዝድ" ብቻውን መቆም የለበትም። አንድ ነገር ግን መጨመር ያስፈልጋል፦ ዕጣው የወጣው ለትምህርት ቤት እንጂ ለተማሪ አይደለም። "ክላስተር" የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ተሸክማለች።

ሁለተኛው ላይ ረዘም ብለን እንቆይ። "ራንደም ኢንተርሴፕት" ዕጣ አይደለም። ችግሩ ይህ ነው፦ በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች መምህር ይጋራሉ፣ ሰፈር ይጋራሉ፣ መጽሐፍ ይጋራሉ። ውጤታቸው ይቀራረባል። የአንዱን ልጅ ውጤት ካወቅን ስለ ክፍል ጓደኛው ትንሽ እናውቃለን ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ልጅ ሙሉ አዲስ ማስረጃ አይሰጠንም።

ምን ያህል ይጎድላል? አይሲሲ 0.10 ነው ስንል፣ ልጆቹ ከትምህርቱ በፊት የነበራቸው የመነሻ ውጤት ከግምት ከገባ በኋላ ከሚቀረው ልዩነት ውስጥ አንድ አሥረኛው በትምህርት ቤቶች መካከል ያለ ነው ማለታችን ነው። ትንሽ ይመስላል። በአንድ ትምህርት ቤት 30 ልጆች ሲኖሩ ግን ማስረጃው በስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚነግረን ስሌት 1 + (30 − 1) × 0.10 = 3.9 ይሆናል። 1,200ን ለ3.9 ስናካፍል 308 ገደማ እናገኛለን። 1,200 ልጆች ፈትነን በእጃችን ያለው ማስረጃ ግን እርስ በርስ ከማይገናኙ 308 ልጆች የሚገኘውን ያህል ነው። ይህን ሳያይ የሚተነትን ሰው የእርግጠኝነት ክልሉ ከሚገባው በግማሽ ያህል ይጠብበታል። የሌለ ውጤት አገኘሁ ሊል ይችላል። ለእኔ የአንቀጹ ልብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ግን በቅንፍ ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል።

ሞዴሉ የሚያደርገው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ መነሻ ከፍታ እንዲኖረው መፍቀድ ነው። "ራንደም" የተባለው 40ዎቹን ትምህርት ቤቶች ሊኖሩ ከሚችሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተገኘ ናሙና ስለሚቆጥራቸው ነው።

እዚህ ላይ ለማቅለል ስንል የምንፈጥረው ስህተት አለ። ብዙ ጊዜ "የትምህርት ቤቶችን ልዩነት አስወገድን" ተብሎ ይጻፋል። ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። አዲሱ ትምህርት የተሰጠው ለሙሉ ትምህርት ቤት ነው። በትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ብናስወግድ የትምህርቱ ውጤትም አብሮ ይጠፋል፤ የምናነጻጽረው ነገር አይቀርም። "አስወገድን" እና "ከግምት አስገባን" በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ጽሑፍ የሚያቀልል ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ካላወቀ ተንታኙን አጠገቡ አስቀምጦ ይጻፍ።

ሦስተኛው "ራንደም" ዋናው ወጥመድ ነው። "ሚሲንግ አት ራንደም" ሲባል ባልደረባዬ የተረዳችው "ከ1,200ዎቹ 11% የሆኑት 132 ልጆች ከፈተናው በአጋጣሚ ቀሩ" የሚል ነው። ተናደደችም። "በአጋጣሚማ አይደለም፤ ደከም ያሉት ናቸው የሚቀሩት" አለችኝ። ልክ ነበረች። አንቀጹ ግን እንደዚያ አላለም።

ቃሉን በዚህ ትርጉም ወደ ስታቲስቲክስ ያስገባው ዶናልድ ሩቢን ነው፣ በ1976 ባወጣው ጽሑፍ። ትርጉሙ ከስሙ ይርቃል። ልጆቹ የቀሩት በምናውቃቸው ምክንያቶች ሊሆን ይችላል፦ የመነሻ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከትምህርት ብዙ ቀን ስለሚቀሩ። እነዚህ በመዝገባችን ካሉ ችግር የለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ እነዚህን ካወቅን በኋላ፣ መቅረታቸው ካላየነው ውጤት ጋር ሌላ ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። በአጋጣሚ ብቻ መቅረት ሌላ ስም አለው፤ "ሚሲንግ ኮምፕሊትሊ አት ራንደም" ይባላል።

ስለዚህ እዚህ ስሙን ወደ አማርኛ መመለስም አያድንም። "በዘፈቀደ የጎደለ" ብንል ስህተቱን እናጠነክረዋለን። የሚሻለው ሐሳቡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገርና የሙያውን ስም መጨረሻ ላይ በቅንፍ ማኖር ነው። ስሙን ፈጽሞ መሰረዝ ግን አይገባም። ጥናቱን ሊደግም የሚፈልግ ሰው ስሙ ከሌለ ምን እንደተደረገ መገመት ይጀምራል።

እንደገና የጻፍኩት እንዲህ ነው፦

"አዲሱን የንባብ ትምህርት የሚሰጡትን 20 ትምህርት ቤቶች ከ40 በዕጣ መረጥን። ዕጣው የወጣው ለትምህርት ቤት እንጂ ለተማሪ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ውጤታቸው ስለሚቀራረብ፣ 1,200 ተማሪዎች የሚሰጡት ማስረጃ እርስ በርስ ከማይገናኙ 1,200 ልጆች ያንሳል። ይህን ከግምት ለማስገባት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ መነሻ ከፍታ እንዲኖረው የሚፈቅድ ሞዴል ተጠቀምን፤ ልጆቹ ከትምህርቱ በፊት የነበራቸውን ውጤትም አካተትን (ሊኒየር ሚክስድ ሞዴል፣ በትምህርት ቤት ራንደም ኢንተርሴፕት፤ አይሲሲ = 0.10)። 132 ተማሪዎች (11%) የመጨረሻውን ፈተና አልወሰዱም። የእያንዳንዳቸውን ውጤት ከመነሻ ውጤታቸው፣ ከቀሩበት ቀን ብዛትና ከትምህርት ቤታቸው ተነስተን 20 ጊዜ ገመትን። ትንተናውንም 20 ጊዜ ደግመን ውጤቶቹን አዋሃድን፤ በዚህም የግምቱ እርግጠኛ አለመሆን በመጨረሻው ውጤት ላይ ይታያል (መልቲፕል ኢምፑቴሽን፣ የሩቢን ደንብ)። ይህ አካሄድ የሚሠራው፣ የተጠቀሱትን መረጃዎች ካወቅን በኋላ፣ ከፈተናው መቅረት ካላየነው ውጤት ጋር ሌላ ግንኙነት ከሌለው ነው (ሚሲንግ አት ራንደም)።"

ረዝሟል። ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጆርናሎች የቃል ገደብ አላቸውና ቦታ መፈለግ ነበረብኝ። የሶፍትዌሩን ስም፣ የስሪት ቁጥሩንና የሞዴሉን ቀመር ወደ አባሪ ወሰድኩ። ቀመሩ አንድ መስመር ናት፦

```
lmer(post ~ arm + pre + (1 | school))
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `(1 | school)` ከላይ ብዙ ቃል የፈጀብንን "እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ከፍታ" የሚለውን ሐሳብ ትይዛለች። ለሙያው ሰው እሷ ትበቃዋለች። አይሲሲን ግን ከዋናው ጽሑፍ አላነሳሁም። እንዲህ ያሉ ሙከራዎች በጽሑፍ እንዴት እንደሚቀርቡ የሚናገረው የኮንሶርት መመሪያም እንዲገለጽ ይጠይቃል።

አዲሱን አንቀጽ ለባልደረባዬ ስልክላት "ገባሽ?" ብዬ አልጠየቅኋትም። ሰው ለዚህ ጥያቄ በትህትና "አዎ" ይላል። ይልቅ "ጽሑፉን ዘግተሽ ምን እንደሠራን፣ ለምንስ እንደሠራነው ንገሪኝ" አልኳት። የሰማሁት ራሱ አንቀጹን ያርማል። ዕጣውን በትክክል ነገረችኝ። የ1,200ውንም ነገር "ልጆቹ ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ እንደሚመስለው ብዙ አይደለም" ብላ ጠቀለለችው፤ እኔ ከጻፍኩት ይሻላል። "20 ጊዜ" የሚለው ላይ ግን ተሰናከለች። ልጆቹ 20 ጊዜ ተፈትነው መስሏት ነበር። "ገመትን" የሚለው ከፊቱ ካለው "ፈተና" ጋር ተጣብቆባታል። "በኮምፒውተር 20 የተለያዩ ግምቶች አዘጋጀን" ብዬ ቀየርኩት።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር መጣች። ዝም አለች። ቀጥላም "ልጁ የፈተናው ቀን የቀረው፣ በመዝገባችሁ የሌለ ነገር ተፈጥሮ ንባቡ በቅርቡ ስለተበላሸ ቢሆንስ?" አለች። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያነበበችው ያቺው ሰው ናት። ያኔ የጠየቀችኝ ምን እንደሠራን ነበር። አሁን የጥናቱን ደካማ ቦታ በጣቷ ነካችው።

መልሱ ከእኛ የሚጠበቅ ነበር። አዲሱን ትምህርት ባገኙት ትምህርት ቤቶች የተገመቱትን ውጤቶች ሆን ብለን በ2፣ በ5፣ በ10 ነጥብ ዝቅ እያደረግን ትንተናውን ደገምነው። ድምዳሜው በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚፈርስ ለማየት ነው። ያንን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አንቀጹ ላይ ጨመርኩና ወደ ጆርናሉ ላክሁት።