የምስሩን ብረት ለሻይ አታስበሉት

ወገኖቻችን፣ የጾም ገበታ እንደተነሳ ሻይ የምትቀዱ፣ እጅ ታጥባችሁ ሳትጨርሱ ጀበና የምትጥዱ ሁሉ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ምስር ወጡና ጎመኑ ብረት ይዘው ወደ ሆዳችሁ ገብተዋል፤ እናንተ ግን ብረቱ ወደ ደማችሁ ሳይዘልቅ አሳሪ ነገር ትልኩበታላችሁ። ኋላ ስትነሱ ዓይናችሁ ሲጨልምባችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ «ጾሙ ጎዳኝ» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጾሙ ሳይሆን ከጾሙ ምግብ በኋላ የምታስከትሉት ስኒ ነው።

ሂሳቡን እዩት። አንድ መቶ ግራም የበሰለ ምስር፣ ማለትም ለአንድ ሰው የሚበቃ ጭልፋ፣ 3 ሚሊግራም ያህል ብረት አለው። ይህ ቁጥር ያማረ ነው፤ ከስጋም አያንስም። ነገር ግን የስጋ ብረት በከፊል ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት ሲሆን የጥራጥሬና የቅጠል ብረት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገባም። ጥራጥሬ ብቻ በቀረበላቸው ጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ሰውነት የወሰደው ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። ከ3 ሚሊግራሙ ደም ውስጥ የሚደርሰው እንግዲህ ከ0.06 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም። ብረት ያነሰበት ሰውነት ከዚህ የበለጠ ይስባል፤ ቢሆንም ትንሽ ነው። ሰው ደግሞ በየቀኑ 1 ሚሊግራም ያህል ብረት ከሰውነቱ ይወጣበታል፤ የወር አበባ የምታይ ሴት በአማካይ 1.5 ገደማ። ከዚህች ጠባብ ድርሻ ላይ ግማሹን ለሻይ መስጠት ማባከን ነው።

ሻይ የሚያደርገው ምንድን ነው? የእጽዋት ብረት በጨጓራ አሲድ ሟሙቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ይወርዳል፤ የሚመጠጠው እዚያ ነው። እዚያ ሲደርስ አሲዱ ስለሚቀንስ ብረቱ አጠገቡ ያገኘውን ነገር ይዞ ይቀራል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን፣ አፍን ጭምድድ የሚያደርገው ማለት ነው፣ ካገኘው አጥብቆ ያስረዋል፤ የታሰረው ብረትም በአንጀት ግድግዳ አያልፍም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር ከሚሰጠው የብረት ክኒን አንድ ፍሬ ሽፋኑን ልጣችሁ ቀጥቅጡና ወፍራም ሻይ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ። ቀዩ ሻይ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ያ ጥቁረት ብረትና ታኒን ሲያያዙ የሚፈጠረው ነው። ያን ሻይ አትጠጡት፤ ድፉት። ክኒኖቹንም ልጆች ከማይደርሱበት መልሱ፤ ለሕፃን መርዝ ናቸው።

በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ስጋ ካለበት ምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የብረቱን መመጠጥ በ64 በመቶ፣ ቡና ደግሞ በ39 በመቶ ቀንሶት ተገኝቷል። ምግቡ ጥራጥሬና እህል ብቻ ሲሆን ሻይ የባሰ ያደርሳል። ከዚያ ጥናት ግን እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ሌላ ነው። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። ምግቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጨጓራ ወጥቶ አያልቅማ! «ትንሽ ቆይቼ ነው የጠጣሁት» የምትሉ፣ መቆየታችሁ አልበቃም።

ስለዚህ ቡናውን ተዉ አላልንም፤ ቦታውን ቀይሩ ነው የምንለው። ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ቡናው ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከቆሎ ጋር ይፈላ፤ ከበረካው በኋላ ምሳ እስኪቀርብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይኖራል። ከምሳ በኋላ ነው የሚሆንልን ካላችሁ አቦሉ ከ9 ሰዓት አይቅደም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ስትፈቱ በሻይ አትጀምሩ። ጉሮሮ ለማርጠብ ውሃ በቂ ነው፤ ብሉ፣ ሻዩም ቡናውም 11 ሰዓት ይድረስ። ሻይ ላይ ወተት መጨመር ታኒኑን አያስቀርም። የናና ሻይም «ሻይ ቅጠል የለበትም» ተብሎ አይታለፍ፤ እሱም አጥብቆ ያስራል።

ሎሚውን እንደ መከላከያ የምትቆጥሩም አላችሁ። ሻይ ላይ የምትጥሉት ስስ የሎሚ ቁራጭ ያንን ሁሉ ታኒን አይመልስም። ብረትን የሚረዳው በዋናነት ቫይታሚን ሲ ነው። ብረቱን ወደሚመጠጠው ዓይነት ይለውጠዋል፣ ይዞትም እንዳይታሰር ያደርገዋል። ይህን በሚታይ መጠን ለመሥራት በአንድ ገበታ 50 ሚሊግራም ያህል ያስፈልጋል። የአንድ ትንሽ ሎሚ ጭማቂ ግን ከ10 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም። መጎምዘዙ ከሚሰጠው ቫይታሚን በላይ አሳምኖናል። ጎምዛዛ ሁሉ ቫይታሚን ሲ የሞላበት አይደለም፤ ያልጎመዘዘም ባዶ አይደለም።

አሁን ያላስተዋላችሁትን እንንገራችሁ፦ ቃሪያ! ጥሬ ቃሪያ በመቶ ግራም 200 ሚሊግራምን የሚያልፍ ቫይታሚን ሲ ሊይዝ ይችላል። አንድ መካከለኛ ቃሪያ በስንግ ቢቀርብ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን 50 ሚሊግራም ይሞላል። በገበያ ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አለ፣ ለጾምም ይሆናል። መካከለኛ ብርቱካን አንድ ፍሬም ይበቃል፤ ፓፓያ ከሆነ አንድ መቶ ግራም የሚያህል ቁራጭ፤ ዘይቱን፣ ማለትም ጓቫ፣ ከተገኘ ግማሽ ፍሬ። ቲማቲም ብቻውን ደካማ ነው፤ ቲማቲም ሰላጣው ጉልበት የሚያገኘው ከቃሪያውና ከሎሚው ነው። በእነዚህ ላይ ሦስት ነገር አትርሱ። ጥሬውን ይበላ፣ እሳት ቫይታሚኑን ያጠፋዋልና። ከመብላታችሁ በፊት ወዲያው ይከተፍ፤ ጠዋት ተከትፎ ምሳ የሚደርስ ሰላጣ ብዙ ጥሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከምስሩ ጋር በአንድ ገበታ ይሁን። ረፋድ የበላችሁት ብርቱካን ለ7 ሰዓቱ ምስር ምንም አያደርግለትም። ጥሬ የሚበላውን በንጹሕ ውሃ ማጠብም ግዴታ ነው፤ ብረት ፍለጋ ታይፎይድና አሜባ እንዳታገኙ።

ሐቁን ለመናገር፣ ቫይታሚን ሲ በአንድ ገበታ ላይ ሲለካ ያሳየው ጭማሪ፣ ለሳምንታት በተከታተሉት ጥናቶች ላይ ያን ያህል አልታየም። የዕለት ምግብ ሲደባለቅ ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቃሪያው የሻይን ጉዳት ይሸፍንልኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ መጀመሪያ ስኒውን አራቁ፣ ቀጥሎ ቃሪያውን ጨምሩ።

ድስቱ ላይም የምንገሥጻችሁ አለ። ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ጨምቃችሁ እንደገና ለረጅም ጊዜ ስታቁላሉ፣ ቅጠሉ ብረቱን በአብዛኛው ይዞ ይቀራል፤ ቫይታሚን ሲው ግን በውሃውም በእሳቱም ይሄዳል። ሐበሻ ጎመንን በጥቂት ውሃ ክዳን ገጥማችሁ አብስሉት፤ ቃሪያውን ከምድጃ ሲወርድ በትኑበት፣ ሎሚ ካለ ያን ጊዜ ጭመቁ። ቆስጣን ለደም ብላችሁ ብቻ የምትገዙ ደግሞ፣ ቆስጣ ውስጥ ያለው ብረት ከሐበሻ ጎመን ያነሰ ሊመጠጥ ስለሚችል፣ ለዚሁ ዓላማ ከሆነ ጎመኑን ምረጡ።

የጥራጥሬው ጠላት ሻይ ብቻ አይደለም። የምስር፣ የሽንብራና የባቄላ ፍሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ብረት አሳሪ አለ። ይህን የሚቀንሰው መዘፍዘፍና ማብቀል ነው። ድፍን ምስር (ክኩ አይበቅልም) ታጥቦ ሌሊት ይዘፍዘፍ፤ ጠዋት ውሃው ይደፋ፤ ምስሩ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወንፊት ላይ ይቀመጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በሁለተኛው ቀን ጅራቱ የፍሬውን ያህል ሲረዝም ደርሷል፤ በደንብ አብስላችሁ ብሉት። መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም ካዳለጠ ጣሉት። እንጀራችሁም እንዲሁ፣ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በጥድፊያ በአንድ ቀን የተጋገረው፣ ወይም ውጭ አገር በዱቄት ማስነሻ የሚነፋው፣ ይህን ጊዜ አላገኘም። «ጤፍ ብረት ስላለው» የሚለውንም በልኩ ያዙት፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ እሱም በደንብ አይመጠጥም።

ለልጆቻችሁ ስለምታጠጡት ሻይ ዝም ብለን አናልፍም። ዳቦ በሻይ እየነከራችሁ ሕፃን የምታበሉ እናቶችና አያቶች፣ እባካችሁ ተዉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ወባ፣ ትላትልና ሌላም ምክንያት አለው፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ሻይ ግን እኛው በእጃችን የምንጨምረው ነው። ልጁ ውሃ ይጠጣ፤ ሻዩ ለእናንተ ይቆይ።

ነፍሰ ጡሮች ሆይ፣ ጤና ጣቢያ የሰጣችሁን ክኒን በሻይ ወይም በወተት አትዋጡት። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ውሰዱት። ካቅለሸለሻችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ውሰዱት፣ አትጣሉት። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው።

የትንፋሽ ማጠሩና ማዞሩ ካለባችሁም ገበታ ማስተካከሉ ብቻውን አይበቃም። ሄሞግሎቢን ተለኩ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለነፍሰ ጡር ከ11፣ ለወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች ደም ማነስ ይባላል። ይህ ግን የቆላ ልክ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ደም በተፈጥሮ ስለሚበዛ መቁረጫውም ከፍ ይላል። 12.2 ተነግሯት «ደህና ነሽ» የተባለች የደጋ ሴት «ለከፍታው አስተካክላችሁታል?» ብላ ትጠይቅ። ክኒን ከታዘዘላችሁ ደግሞ ቁጥሩ እንደተስተካከለ ወዲያው አታቋርጡ፤ ባለሙያው ሌላ ካላዘዘ ለሦስት ወር ያህል ቀጥሉ፣ ደሙ ከሞላ በኋላ የተጠራቀመው ጎተራ ገና ባዶ ነውና።