ኢኩዊቫለንስ ፖይንት ሁሌ 7 ነው ያላችሁ ማነው?

ዛሬ ልናገር ነው፤ የሚከፋው ይከፋው።

ሀዋሳ ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚያስጠና ሰው ስልክ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የሰው ጋለሪ በሰርግና በሐይቅ ዳር ፎቶ ይሞላል፣ የኔ በደበዘዘ ወረቀት። ማታ ላይ ቴሌግራም ይጮሃል፤ "ቲቸር ይቺን ስራልኝ"። ሰላምታ የለ፣ "ደህና አመሸህ" የለ። ፎቶውን ስከፍት ባጃጅ ውስጥ እየሄደ ያነሳው ነው የሚመስለው። የአውራ ጣቱ ጥላ ቁጥሮቹ ላይ ተጋድሟል፣ ወረቀቱ ጎብጧል፣ የታችኛው መስመር ደግሞ ተቆርጧል። እና ሁሌም የሚቆረጠው ያ መስመር ነው፤ የአሲዱን ጥንካሬ የሚናገረው ቁጥር፣ ኬኤ፣ የተጻፈበት!

የዚህን ሳምንት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከልጅ ወደ ልጅ ፎርዋርድ እየተደረገ ግማሽ ከተማ ደርሷል። የቲትሬሽን ከርቭ ነው፤ አሲድ ላይ ቤዝ በተጨመረ ቁጥር ፒኤቹ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ። 25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፍላስክ ውስጥ አለ፣ ከቡሬት 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። ጥያቄው ምንም ሳይጨመር፣ 10 ሲጨመር፣ 12.5 ሲጨመር፣ 25 ሲጨመርና 26 ሲጨመር ፒኤቹ ስንት ነው የሚል ነው። ቆንጆ ጥያቄ። ኬኤዋ ግን ከፎቶው ውጭ ቀርታለች፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ "ቲቸር ኬኤ ስላልተሰጠ አይሰራም" አሉኝ።

እንዴት አይሰራም? ከርቩ እኮ አፍንጫችሁ ስር ነው!

እስቲ ከርቩን እዩት። መጀመሪያ ትንሽ ይነሳል፣ ከዚያ ረጅም መንገድ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኢኩዊቫለንስ ፖይንት፣ አሲዱና ቤዙ በሞል እኩል የሚሆኑበት ነጥብ፣ እዚያ ነው። ቀጥ ካለበት ቦታ ወደ ታች ውረዱና ቮልዩሙን አንብቡ፤ 25 ነው። ግማሹ 12.5። ከ12.5 ሽቅብ ወጥታችሁ ከርቩን ስትነኩ ወደ ግራ ሂዱና ፒኤቹን አንብቡ፤ 4.7 አካባቢ ነው። አለቀ፣ ኬኤዋን አገኛችኋት። ምክንያቱም እዚያ ላይ የአሲዱ ግማሽ ወደ አሴቴት ተለውጧል፣ ግማሹ አሲድ እንደሆነ አለ፤ ሁለቱ እኩል ናቸው። pH = pKa + log([A⁻]/[HA]) የምትሏት ፎርሙላ ውስጥ እኩል ለእኩል ሲካፈል 1 ነው፣ የ1 ሎግ ዜሮ ነው፣ ፒኤቹ ራሱ ፒኬኤ ይሆናል። የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ ደግሞ 4.74 ነው፣ ኬኤው 1.8×10⁻⁵። የ12.5 ጥያቄም በዚያው ተመለሰ።

"ግን ቲቸር ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ብሳሳትስ?" አለችኝ አንዷ ጎበዝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንደሷ የሚጠይቅ ቢበዛ እኔም እዚህ ባልጮህኩ። እዚያ ሜዳው ላይ ብትሳሳቺ ምንም አይጎዳሽም። በ12.5 ፋንታ 12 ላይ ብታነቢ ፒኤቹ 4.71 ነው፣ 13 ላይ ብታነቢ 4.78። ግማሽ ሚሊ ሊትር ስተሽ እንኳ መልስሽ ከ0.04 በላይ አይነቃነቅም። በፈር ማለት ይሄው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ 25 እንሂድ፣ ደሜ የሚፈላበት ቦታ ነው። ግማሹ ልጅ ጣቱን ቀጥ ያለው መስመር ላይ ያደርግና "መሃሉ 7 ይመስላል" ብሎ ይጽፋል። እዚያ ላይ ከፎቶ ማንበብ ማለት በሚሮጥ ባጃጅ ታርጋ ላይ የተለጠፈ ስልክ ቁጥር መገልበጥ ነው። 24.9 ሚሊ ሊትር ላይ ፒኤቹ 7.14 ነው፤ 25.1 ላይ 10.30 ነው። በ0.2 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከሦስት በላይ ዘለለ! እርሳስ የሰራው መስመር ውፍረቱ ብቻ ከዚያ ይበልጣል፣ ፎቶው ጠመም ካለ ደግሞ ቀጥ ያለውም ያዘመመ ይመስላል። ስለዚህ ሜዳው ላይ አንብቡ፣ ገደሉ ላይ አስሉ። ቮልዩሙን ከገደሉ ውሰዱ፣ ፒኤቹን ግን ከገደሉ አትውሰዱ።

ሌላው ግማሽ ደግሞ ፎቶውን ሳያይ ነው 7 የሚለው። "አሲድና ቤዝ እኩል ከሆኑ ኒውትራል ነው አይደል?" ይለኛል፣ ደግሞ በልበ ሙሉነት። እኩል የሆነው ሞሉ ነዋ! 2.5 ሚሊሞል አሲድ ነበረ፣ 2.5 ሚሊሞል ቤዝ ገባ፣ ተጠፋፉ። ፍላስኩ ውስጥ ምን ቀረ? ባዶ ውሃ አይደለም፣ ሶዲየም አሴቴት ነው። አሴቴት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የደካማ አሲድ ልጅ ስለሆነ ከውሃ ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ውሃው ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ሶሉሽኑ ቤዝ የሆነው ለዚህ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ክሎራይድ ውሃን ስለማይነካ 7 ትክክል ነበር። 7 የጠንካራ አሲድና የጠንካራ ቤዝ መልስ ናት፣ የሁሉም አይደለችም።

ስሌቱም እንደሚወራው አያስፈራም። 2.5 ሚሊሞል አሴቴት አለ፤ ቮልዩሙ ግን አሁን 25 አይደለም፣ 25 ሲደመር 25፣ 50 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ኮንሰንትሬሽኑ 0.05 ሞላር። የአሴቴቱን የቤዝነት ጥንካሬ፣ ኬቢውን፣ ለማግኘት 10⁻¹⁴ን ለ1.8×10⁻⁵ አካፍሉ፣ 5.56×10⁻¹⁰ ይመጣል። በ0.05 አባዙት፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፣ የሃይድሮክሳይዱ መጠን 5.27×10⁻⁶ ነው። ፒኦኤቹ 5.28፣ ከ14 ሲቀነስ ፒኤቹ 8.72። በቃ ይቺው ናት!

አሁንማ መልሱን ብቻ አይቼ የት እንደተሰናከላችሁ ማወቅ ጀምሬያለሁ። 8.87 ያላችሁ ቮልዩሙ እጥፍ መሆኑን ረስታችሁ 0.1 ሞላር እንዳለ ወስዳችኋል። 10.98 ያላችሁ በኬቢ ፋንታ ኬኤ ከታችኋል። 5.28 ያላችሁ ደግሞ ስሌቱን ሁሉ በትክክል ሰርታችሁ ከ14 መቀነሱን ዘላችሁ ሮጣችኋል፤ ቢያንስ "ኢኩዊቫለንስ ላይ አሲድ ሊሆን ይችላል ወይ?" ብላችሁ ራሳችሁን ብትጠይቁ ምን ነበረበት?

የቀሩት ነጥቦች ቶሎ ያልቃሉ። መጀመሪያ ላይ አሲዱ ብቻውን ነው፤ የ0.1 እና የኬኤ ብዜት ስኩዌር ሩት 1.34×10⁻³ ነው፣ ፒኤቹ 2.87። ይቺን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፣ ከርቩ ከ3 ትንሽ ዝቅ ብሎ ካልጀመረ ያገኛችሁት ኬኤ ተሳስቷል ማለት ነው። 10 ላይ 1 ሚሊሞል አሴቴት፣ 1.5 ሚሊሞል አሲድ አለ፣ ፒኤቹ 4.57። 26 ላይ ትርፉ 0.1 ሚሊሞል ቤዝ ነው፣ በ51 ሚሊ ሊትር ይካፈላል፣ ፒኤቹ 11.29። እዚህ አሴቴቱን እርሱት፣ ትርፉ ቤዝ ይውጠዋል።

እና ይሄን ሁሉ አስረድቼ ተማሪዬ 8.72 ብሎ ከሰራ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? እናቱ ደወሉልኝ። መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ አላቸው፣ ደንበኛ እያስተናገዱ ነው የሚያወሩኝ።

"ወንድሜ፣ ልጄ ተሳስቷል አሉ። ወረቀቱ ላይ 7 ነው የሚለው።"

"የትኛው ወረቀት፣ እናቴ?"

"መልሱ ያለበት ነዋ! በቴሌግራም የመጣው። ጓደኞቹ ሁሉ 7 ነው ያሉት። ብር እየከፈልን..."

"እናቴ፣ ልጅዎ ነው ልክ።"

"ታዲያ ሁሉም ተሳስቶ የኔ ልጅ ብቻ አወቀ?"

አዎ! እንዲያውም ደስ ይበልዎት! ግን እንዲህ ተብሎ ለእናት አይነገር፤ "ነገ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ያ የመልስ ወረቀት ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። ስም የለው፣ ቀን የለው፤ ግን ከመጽሐፍ በላይ ይታመናል። ለልጁ ባሰላለት፣ ባሰላለት፣ "ፒዲኤፉ ላይ ግን..." ይለኛል። ኧረ ፒዲኤፉ ፍላስክ ውስጥ ገብቶ አይቷል? ከርቩ ራሱ 7ን ያለፈው 24.86 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ገና አሲድ ሳያልቅ!

ፎቶ የምትልኩልኝ ልጆች ደግሞ፣ እባካችሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱት፣ የታችና የግራ አክሲሱ ቁጥሮች ይታዩ። ቁጥሮቹ ካልታዩ ግማሹን ነጥብ ማንበብ አልችልም፣ ያኔ ኬኤው የግድ ያስፈልገኛል። የኬኤው ኔጌቲቭ አምስትና ኔጌቲቭ ስድስት በደበዘዘ ፎቶ መንትያ ናቸው፤ ስድስት ብትሉት መነሻው 3.37 ይሆናል፣ ከከርቩ ጋር አይገጥምም፣ በዚህም መለየት ይቻላል። ግን ጥርት አድርጎ ማንሳቱ ይቀላል አይደል?

በማግስቱ ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ገለበጥኩት። ቀጣዩ ጥያቄ "ለዚህ ቲትሬሽን የሚስማማው ኢንዲኬተር የቱ ነው?" ይላል፣ መልሱ ደግሞ ሜቲል ኦሬንጅ። ሜቲል ኦሬንጅ እኮ ቀለሙን የሚቀይረው ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ፒኤች ነው! እዚህ ከርቭ ላይ 8 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ ጨርሶ ቢጫ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ከአሲዱ ሁለት ሦስተኛው ገና ፍላስክ ውስጥ እያለ። የሚስማማው ከ8.3 እስከ 10 የሚሰራው ፌኖልፍታሊን ነው፣ 8.72 በቀጥታ እሱ ውስጥ ይወድቃል። ደግሞ እሺ፣ 7 ነው እንበል፤ 7 ላይስ ሜቲል ኦሬንጅ ምን ያደርጋል? በራሳቸው ስህተት እንኳ አልጸኑም!