ውሃው ጥርት ቢልም አያዘናጋ

«ከማዕድን ማውጫው የድንጋይ ክምር ሥር የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ ምኑ ያሰጋል?» ላልከው ወንድሜ፦

ድንጋዩ ውስጥ ያለው ፓይራይት (FeS2) የተባለ የብረትና የሰልፈር ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አብሮት ካልሳይት (CaCO3) የተባለው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ካለ አሲዱን እያረከሰ ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል። ካልሳይቱ ሲያልቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። ውሃው ይኮመጥጣል፣ ባክቴሪያዎች ነገሩን ያፋጥኑታል፣ የጅረቱ ድንጋይ ብርቱካንማ ዝገት ይለብሳል።

ይህ ግን አስቀድሞ ይሰላል። በፓይራይት መልክ ላለ 1 በመቶ ሰልፈር አሲዱን ለማርከስ በአንድ ቶን ድንጋይ 31.25 ኪሎ ካልሳይት ያስፈልጋል። ሰልፈሩ 2 በመቶ ከሆነ 62.5 ኪሎ ማለት ነው። ድንጋዩ ያለው 30 ኪሎ ብቻ ከሆነ፣ የዛሬው ጥርት ያለ ውሃ ጊዜያዊ ነው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ገና ትኩስ ሳለ ተለይቶ ውሃ ሥር ቢቀመጥ ይሻላል፤ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚያልፈው በጣም በዝግታ ነውና።