«ተጠመቀ» ሳይሆን «ክርስትና ተነሣ»

«ከሕፃን ፎቶ ሥር ‹ዛሬ ተጠመቀ› ቢባል ‹ክርስትና ተነሣ› ቢባል ምን ለውጥ አለው? እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው።»

ልብን ማየቱን ማን ካደ? ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ግን ለዘመድ አዝማድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው።

በእኛ አነጋገር «ተጠመቀ» ሦስት ነገር ይሆናል። ታሞ ጠበል የገባ ተጠመቀ ይባላል። ጥር 11 በጥምቀተ ባሕሩ ውኃ የተረጨም ተጠመቀ ይባላል። በ40 ቀኑ ሦስት ጊዜ በውኃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የተደረገ ወንድ ልጅም እንዲሁ። ጠበል በየሳምንቱ ይኬዳል፤ የጥር 11ዱ የጌታን ጥምቀት ማሰቢያ ስለሆነ በየዓመቱ ይመጣል። ሦስተኛው ግን በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው ስለዚህ ነው። የማይደገመውን ከሚደገመው ጋር በአንድ ቃል መጨፍለቅ ቸልተኝነት ነው። እናቶቻችን «ክርስትና ተነሣ» ሲሉ ማንም ጠበል መስሎት አያውቅም።

የባሰውም አለ፦ በኅዳር ክርስትና ለተነሣች ልጅ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰን» ብሎ መለጠፍ። ይህ የጥር 11 ሰላምታ ነው። «ጥምቀቱ» የተባለውም የጌታ እንጂ የልጅቱ አይደለም። ከበዓል ካርድ ተገልብጦ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል።

ደግሞ ጽሑፉ ውኃው ላይ አያቁም። ከውኃው የወጣ ሕፃን ሜሮን ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል። ነጭ ለብሶ፣ ማዕተቡ አንገቱ ላይ ሆኖ የተነሣው ፎቶ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ያለው ነው፤ «ተጠመቀ» ብሎ መተው መጀመሪያውን ብቻ መናገር ነው።

ቀኑም ይቆጠር። መስከረም 1 የተወለደች ልጅ፣ የተወለደችበትን ቀን አንድ ብለን ስንነሣ፣ ከመስከረም 30 ቀን፣ ከጥቅምት 30 ቀን፣ ከኅዳር 20 ቀን ተደምሮ ኅዳር 20 ላይ 80 ቀን ይሞላታል። በሕመም ወይም በስደት አገር ቤተ ክርስቲያን ርቆ ቀኑ ካለፈ «በ80 ቀኗ» አይጻፍ፤ «ክርስትና ተነሣች» ይበቃል። የክርስትና ስሟን ለአደባባይ የማያወጡ ወላጆችም አሉ፤ ይህ የእነሱ ፈንታ ነው። ካወጡት ግን ለሴት ወለተ ወይም አመተ፣ ለወንድ ወልደ ወይም ገብረ መሆኑን ካህኑን ጠይቀው በትክክል ይጻፉት።

እንዲህ ቢባል ምን ይጎድለዋል?

«ልጃችን ወለተ ማርያም በ80 ቀኗ፣ ኅዳር 20፣ ክርስትና ተነሥታ የሥላሴን ልጅነት አገኘች። ሜሮን ተቀብታ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለች። ክርስትና እናቷን እግዚአብሔር ያክብርልን፤ ልጃችንንም በቤቱ ያሳድግልን።»